ከ«እንኳን ደህና መጣሽ» በኋላ

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የቀበሌ ቤቶች ግቢ በር ላይ ሁለት ሴቶች ይገናኛሉ እንበል። ሰዎቹ ነገሩን በቅርብ ለማየት የተፈጠሩ ናቸው፤ ነገሩ ግን በየሰፈሩ በየቀኑ የሚሆን ነው። ሰናይት በሃያ ሁለት ዓመቷ ቤይሩት ሄዳ፣ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ትናንት ማታ አገሯ ገብታለች። ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤት እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ላይ ይገጥሟታል። ሁለቱም ለአፍታ ቀጥ ይላሉ። «ውይ በሞትኩት! ሰናይት ነሽ?» ይሳሳማሉ፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጉንጭ፣ ደግሞ እንደገና። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! እንኳን ዓይንሽን ለማየት አበቃኝ።» «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ እትዬ።» «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» «ደህና፣ ተመስገን።» «ጤናዎስ?» «ምን ይላል፤ አለሁ።» «ቤቱ ሁሉ ደህና?» «ልጆቹ ደህና ናቸው። ዳዊትም ሥራ ይዟል፤ ትንሿም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች።» እዚህ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እጃቸው ገና እንደተያያዘ ነው፤ ሰላምታው ግን አልቋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ቅጽበት ነው። አንዳንዱ ዝምታውን ለመሸሽ «በሉ እንግዲህ፣ እንገናኛለን» ብሎ ይሄዳል፤ ስምንት ዓመት የተጠፋፋ ጎረቤት በሁለት ደቂቃ ይለያያል። ሌላው ያገኘውን ትልቅ ጥያቄ ያነሳል። ስለ እትዬ ባል «ጋሼስ?» ይላል፣ ወይም ከወዲያኛው ወገን «ቤይሩት እንዴት ነው?»፣ «አገባሽ?»፣ «መቼ ትመለሻለሽ?» ይባላል። ሁለቱም መንገድ የሚመነጨው ከአንድ ስሕተት ነው። ሰላምታውን እንደ መግቢያ ሥርዓት፣ ጨዋታውን ደግሞ ከሥርዓቱ በኋላ ከባዶ እንደሚጀመር ሌላ ሥራ እናየዋለን። እኔ የምለው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘ ጎረቤት ምን መጠየቅ እንዳለበትና ምን መጠየቅ እንደሌለበት በሰላምታው ውስጥ በተሰጡት መልሶች ተነግሮት አልቋል። ዝምታው የሚከብደው የሚወራ ነገር ስለጠፋ ሳይሆን መልሶቹን ሳንሰማ ስለምናልፋቸው ነው።

በመጀመሪያ ሰላምታችን የመለያየቱን ርዝመት እንደሚለካ ልብ እንበል። ትናንት ማታ ላየነው ሰው «እንደምን አደርክ»፣ ጠዋት ለተለየነው «እንደምን ዋልክ»፣ ለቀናት ላላገኘነው «እንደምን ሰነበትክ» እንላለን፤ ወራት ሲያልፉ «እንደምን ከረምክ» ይመጣል። ለስምንት ዓመት ግን «እንደምን ከረምሽ» ብቻውን ያንሳል፤ ስለዚህ ሰው ወደ ምስጋናና ምርቃት ይሄዳል፤ «እንኳን ለዚህ አበቃን» ይላል። ከሁሉም በላይ ሥራ የሚሠራው ደግሞ ጥንዱ ነው። «እንኳን ደህና መጣሽ» ስትባል «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላ የምትመልስ ሴት ወጉን አጉድላለች፤ መልሱ «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» ነው። በዚህ መልስ የቀረውም ሰው አንድ ነገር እንዳለፈ ይታወቅለታል። ስምንት ዓመቱን የኖረችው ሰናይት ብቻ አይደለችም፤ እትዬ ዘነበችም በዚያው ግቢ ስምንት ክረምት አሳልፈዋል፤ ልጅ አሳድገዋል፣ ዕድር ከፍለዋል፣ ሰው ቀብረዋል። ውጭ ደርሶ የመጣ ሰው ንግግሩ ቶሎ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት፣ ግንኙነቱ የእሱ ጉዞ ታሪክ የሚነገርበት ብቻ ሆኖ ስለሚቀር ነው። ጠያቂው መጠየቅ ያለበትን ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ያጣሉ። ወጉ ግን ገና ሲጀመር ተራውን ለሁለቱም አካፍሎ ነበር።

አሁን ወደ መልሶቹ እንመለስ። እትዬ ዘነበች «ደህና ነዎት?» ሲባሉ «ደህና፣ ተመስገን» አሉ። «ጤናዎስ?» ሲባሉ ግን «ምን ይላል፤ አለሁ» አሉ። አሜሪካዊቷ የንግግር ተመራማሪ ጌይል ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተቀረጹ ተራ ንግግሮችን መርምረው ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ችግር ያለበት ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ብዙ ጊዜ ችግሩን አይናገርም፤ «በጣም ደህና ነኝ»ም አይልም፤ ትንሽ ዝቅ ያለ መልስ ይሰጣል። ያ ዝቅ ያለ መልስ ጠያቂውን አያስገድደውም። ከፈለገ ይከተለዋል፣ ካልፈለገ አልፎት ይሄዳል፣ ማንም አያፍርም። እኛ ዘንድ «ምን ይላል»፣ «አለን»፣ «እንዳለ ነው» የሚሉት መልሶች ይህንኑ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ሊሠሩ ይችላሉ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ሁልጊዜ «አለሁ» የሚል፣ ሠርግ ላይም «አለሁ» የሚል ሰው አለ። ስለዚህ መታየት ያለበት ቃሉ ብቻውን ሳይሆን በዚያው ሰላምታ ውስጥ የታየው ለውጥ ነው። እትዬ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ መልስ ሰጥተው ጤና ላይ ሲደርሱ ዝቅ ካሉ፣ ነገሩ ያለው ጤናቸው ላይ ነው፤ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ምልክት ከተባለው ይልቅ ባልተባለው ውስጥ አለ። «ቤቱ ሁሉ ደህና?» ተብለው እትዬ ልጆቹን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ባለቤታቸውን ጋሼ ተስፋዬን አላነሱም። ባል በሕይወትና በቤት ካለ ከዚህ ዝርዝር መቅረቱ ያልተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ከልጆቹ ይቀድማል። ሰናይት ይህን ከሰማች «ጋሼስ?» አትልም። ሞተው ሊሆን ይችላል፣ ታመው ተኝተው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ተለያይተው ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በር ላይ ቆሞ ለመመለስ ከባድ ነው። ጥቁር ልብስ ቢኖር ነገሩን በነገራት ነበር፤ ነገር ግን ሐዘን የሚለበሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ሙት ዓመት ድረስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተ ሰው በሚስቱ ልብስ ላይ ላይነበብ ይችላል። ለአጭር ጊዜ የራቀ ጎረቤት ዓይኑ የሚነግረውን፣ ለዓመታት የራቀው በጆሮው ብቻ ነው የሚያገኘው። በእርግጥ ያልተጠራ ስም ሁሉ ሞትን አያመለክትም፤ ሰው ይረሳል፣ ይቸኩላል። ምልክቱ እርግጠኛ ባይሆንም እሱን ማክበር ግን ምንም አያስከፍልም። ጋሼ በጤና ካሉ እትዬ ራሳቸው ትንሽ ቆይተው «ጋሼሽም እቤት ነው፣ ግቢና ሳሚው» ማለታቸው አይቀርም።

«ታዲያ ሰናይት ዝም ካለች የረሳቻቸው አይመስልባትም?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። በልጅነቷ ከረሜላ ይገዙላት የነበሩትን ሰው ሳትጠይቅ ማለፍ ውለታ ቢስነት ሊመስል ይችላል። መውጫው ጥያቄውን በራስ ጉዳይ መተካት ነው። አኒታ ፖሜራንትዝ የተባሉ ሌላ የንግግር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህንን ስልት አጥንተውታል። ሰው ሳይጠይቅ የራሱን ጠባብ እውቀት ብቻ ሲናገር፣ ሙሉውን የሚያውቀው ወገን እንዲናገር ይጋበዛል። «ማታ ስደውል ስልክሽ ተይዞ ነበር» የተባለች ሴት ማንን ስታነጋግር እንደነበር ከፈለገች ትናገራለች፣ ካልፈለገች «አዎ» ብላ ታልፋለች። «ከማን ጋር ነበርሽ?» ብትባል ግን ያ ምርጫ የላትም። እንግዲህ ሰናይት እንዲህ ትላለች፦ «እዚያ ሆኜ ሁላችሁንም ሳስባችሁ ነበር እትዬ። እማዬ ስትደውል የሰፈሩን ነገር ደብቃኝ ነው መሰለኝ፣ ምንም አልሰማሁ።» በዚህ አነጋገር አንድም የጥያቄ ምልክት የለም። ሁላችሁንም ስትል ጋሼ ይገቡበታል፤ ምንም አልሰማሁ ስትል ደግሞ ያላነሳቻቸው ባለማወቅ እንደሆነ ታስረዳለች። እትዬ ከፈለጉ አሁኑኑ ይናገራሉ፤ በር ላይ ማልቀስ ካልፈለጉ «ይደርሳል ልጄ፣ እናወራለን» ብለው ያቆዩታል።

ይህ ጥንቃቄ ከሰናይት ወገን ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ምናልባት የእትዬ ዘነበች ድርሻ ይከብዳል። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ ቤተሰቦች የቅርብ ሰው ሲሞት ነገሩን ደብቀው ማቆየታቸው የተለመደ ነው። ብቻዋን ሰው ቤት ያለች ልጅ የሚያጽናናት ሳይኖር አትስማ ይባላል፤ መርዶው አገሯ ስትገባ ይቆይላታል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ብዙ ጊዜ ማለዳ፣ ቤት ውስጥ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የምትደግፋት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ነው የሚነገረው። እንግዲህ የሰናይት አያት ባለፈው ዓመት ሞተው ቢሆንና እትዬ በደግነት «ነፍሳቸውን ይማር፣ እኔም አልቅሻለሁ» ቢሉ፣ ቤተሰቡ ለነገ ያዘጋጀውን መርዶ ዳቦ ለመግዛት በወጣችበት በር ላይ ይናገሩታል። ለዚህ ነው «መቼ ገባሽ?» የሚለው ጥያቄ ተራ የማይሆነው። «ሳምንት ሆነኝ» ካለች የሚነገራት ሁሉ ተነግሯታል፤ እትዬ ሐዘኗን ሊያነሱ ይችላሉ፣ ማንሳትም አለባቸው፣ ለቅሶ ሳይደርሱ ሰላም ማለት ነውር ነውና። «ትናንት ማታ» ካለች ግን ምላሳቸውን ይይዛሉ፤ የሰናይትን ቤተሰብ በደህናው ሁሉ እያነሱ ያልፋሉ። አስተዋይ ጎረቤት «መቼ ገባሽ?»ን ከሳሙ በኋላ ወዲያው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዕድሜያቸው የተማሩት ነገር ነውና ለምን እንደሚጠይቁ ለራሳቸውም ላይናገሩት ይችላሉ።

«ይህ ሁሉ ለሰላምታ?» የሚል አለ። ከተማው ቸኩሏል፣ ታክሲ አይጠብቅም፣ ወጣቱም «ሰላም ነው?» «ሰላም» ብሎ ያልፋል። ከዚህ የሚብስም ክስ ይቀርባል፦ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚል ከሆነ መልሱ ምን ይነግረናል? የታመመውም፣ የተሳካለትም፣ የከሰረውም አንድ ቃል ይመልሳል፤ ስለዚህ መጠያየቁ ባዶ ነው ይባላል። ሁለተኛውን ልመልስ። የንግግር ተመራማሪው ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩት፣ «እንዴት ነህ?» ለተባለ ሰው እውነቱን መናገር ሁልጊዜ የማይቻለው ችግርን ለመስማት የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ በኅብረተሰቡ ስለተለየ ነው። ለባልንጀራ የሚነገር ለመንገደኛ አይነገርም። ይህ ማለት ግን የመጀመሪያው «ተመስገን» ባዶ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው «ተመስገን» ተጠያቂው ጠያቂውን የሚያይበት ጊዜ ነው፦ ይህ ሰው ለሥርዓት ነው የጠየቀኝ ወይስ ሊሰማኝ ቆሟል? ይህን የሚያውቀው ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ነው። «ደህና ነዎት?» ለሁሉም ይባላል። «ጤናዎስ?»፣ «ትንሿስ?»፣ «ያ ወገብዎስ ተሻለዎት?» የሚባለው ግን ለሚታወቅ ሰው ነው። ለዚህም ነው እውነተኛው መልስ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር የሚገኘው፣ የእትዬም «ምን ይላል» በሁለተኛው ቦታ የመጣው። ስለ ጊዜው ከሆነ ደግሞ እላይ ያለው ሰላምታ በሙሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ዙሮቹን ቆርጦ ግማሽ ደቂቃ ያተረፈ ሰው፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ በጨለማ ይወረውራል።

እንግዲህ ዝምታው ላይ ቆመናል፤ ሰናይት ሁለት ነገር ሰምታለች። አንዱ የተዘጋ በር ነው፣ ያልተጠሩት ጋሼ። ሌላው ገርበብ ያለ ነው፣ ጤና። ወደ ጨዋታው የምትሻገረው ገርበብ ባለው በኩል ነው፦ «ጤናዎን ምን ነካው እትዬ?» «ጉልበቴ እኮ ነው ልጄ። ይቺን ዳገት መውጣት አቃተኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሦስቴ ነው የማርፈው።» አሁን የሚወራ ነገር ተገኘ፤ ሐኪም አይተው እንደሆነ፣ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ጠበል ሄደው እንደሆነ ይነሳል። የሚሠራም ነገር ተገኘ፤ ክንዳቸውን ይዛ እስከ ቤታቸው ትሸኛቸዋለች። እየሄዱ ማውራት ቆሞ ከማውራት ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝም ቢባልም እግር እየሠራ ነው። ከጥቂት እርምጃ በኋላም እትዬ ራሳቸው ይሉታል፦ «ጋሼሽ ካረፈ ወዲህ ገበያውንም፣ ውኃውንም እኔው ነኝ የምወጣ የምወርደው።» ነገሩ የመጣው በእትዬ ጊዜ፣ በእትዬ አፍ፣ ከጉልበታቸው ወሬ ጋር ተያይዞ ነው። ሰናይት አሁን ምን እንደምትል ወጉ ያውቃል፦ «ውይ! ነፍሳቸውን ይማር። አልሰማሁም ነበር እትዬ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እቤት መጥቼ ለቅሶ እደርሳለሁ።» ዓመታት ያለፉት ሞት ቢሆንም ለቅሶው አላለፈበትም፤ ርቆ የነበረ ሰው በመጣ ጊዜ ይደርሳል። ይህም በር ላይ ሊያልቅ የነበረውን ግንኙነት ወደ ቤት ያስገባዋል።

ለሰናይት ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ስለ ቤይሩት ያሉት የተለየ ቃል ይገባቸዋል፤ በቅንነት እየተጠየቁ በብዛት የሚያሳዝኑ እነሱ ናቸውና። «ቤይሩት እንዴት ነበር?» የሚለው ስምንት ዓመትን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጠቀልል ያዛታል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው የሊባኖስ የገንዘብ ቀውስ አለ፤ ደመወዝ ያልተከፈላቸው የቤት ሠራተኞች አሉ፤ በ2020 አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው የሄዱ እህቶች አሉ፤ በዚያው ዓመት የወደቡ ፍንዳታ አለ። ከዚህ ሁሉ የቱ እንደደረሰባት ጠያቂው አያውቅም። ስለዚህ መልሷ «ደህና ነው» ይሆናል፣ ወሬውም እዚያው ይሞታል። «አገባሽ? ወለድሽ?» ደግሞ ሃያዎቹን የሰው ቤት ለሠራች ሴት ያጣችውን ዘመን መቁጠር ነው። «መቼ ትመለሻለሽ?» ሲባል፣ ገና ሻንጣዋን ላልፈታች ሰው፣ ማባረር ሆኖ ሊሰማት ይችላል። ትንሽና የተጨበጠ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል። «እዚያ እንጀራ ታገኙ ነበር?» ብትባል፣ ጤፍ እንዴት እንደሚገኝ፣ ዋጋውን፣ በሩዝ ዱቄት የጋገረችውን፣ ማዳሟ ሽታውን ጠልታ ያለችውን ልትናገር ትችላለች። ከፈለገች ስቃ ታወራዋለች። ከፈለገች ደግሞ «ከቤት መች ያስወጡን ነበር እትዬ» ብላ የከፋውን ትከፍታለች። ትልቁን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ያላገኘውን፣ በእንጀራ የጠየቀ ያገኘዋል። «እሑድ እሑድ ትወጡ ነበር?» የሚለው ግን ትንሽ ቢመስልም ያው አይደለም፤ የእረፍት ቀን ለተከለከለች ሴት ቁስል ላይ ያርፋል።

ስለ ፊትና ስለ ገላ የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። «አማረብሽ» ማለት አይከፋም፤ «ምነው ከሳሽ፣ ምነው ጠቆርሽ» ማለት ግን ያሳለፈችውን እንድታስረዳ ማስገደድ ነው። «አወቅሽኝ? ማን ነኝ?» ብሎ መፈተንም እንዲሁ፤ የተፈተነው ሰው ስሙን ካጣው ሰላምታው በእፍረት ይጀምራል። የራቀ ሰው ሲገናኝ ራሱን ቢያስታውቅ ይሻላል፦ «ሰናይት ነኝ፣ የወይዘሮ እንትና ልጅ።» የታወቀ ሰው በዚህ አያንስም፤ የረሳውን ያድነዋል።

«ጠፋህሳ!» ወይም «ምነው ጠፋሽ?» ግን ጠለቅ ያለ ነገር ነው። አንዳንዶች ወቀሳ ነው፣ ሰውን በጥፋተኝነት ያስጀምራል ይላሉ። ወቀሳ አለበት፤ የናፍቆት ወቀሳ ነው፣ ያልናፈቀ «ጠፋህ» አይልም። ሥራው ግን ከፖሜራንትዝ ግኝት ጋር አንድ ነው። ተናጋሪው ያለው ከእኔ ዓይን ጠፋህ ነው እንጂ የት ነበርክ አይደለም። የተባለው ሰው «ሥራ ነው ባክህ» ብሎ በአጭሩ ሊያልፈው ይችላል፣ ወይም ታሞ እንደነበር፣ ታስሮ እንደነበር ሊናገር ይችላል፤ ምርጫው የራሱ ነው። የሚበላሸው «ሥራ ነው» ተብሎ ከተመለሰ በኋላ «ምን ዓይነት ሥራ? የት?» ሲባል ነው። አጭር መልስ የተሰጠው በሩን ለመዝጋት ነው፤ የዘጋውን በር ማንኳኳት ወቀሳውን ምርመራ ያደርገዋል። በቅርቡ ደግሞ «ጠፋህ» የማይሠራበት አዲስ ሁኔታ ተፈጥሯል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሱ ጎረቤታሞች ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ሲገናኙ አንዱም አልጠፋም፤ ሁለቱም ተነስተዋል። በዚህ ጊዜ የሚባለው «እናንተ የት ደረሳችሁ?» ነው። መልሱ ብዙ ይናገራል፤ አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌላው ኪራይ ቤት ደርሶ ይሆናል፤ ካሳ ያገኘና ያላገኘ ይገናኛል። ስለዚህ ተለቅ ያለ ቤት የደረሰው ወገን ስለ ቤቱ ከመናገሩ በፊት የሌላውን መልስ መስማት አለበት። ለሁለቱም እኩል የሆነው ርዕስ የቀድሞው ሰፈር ሰው ነው፤ እገሌ የት እንዳለ፣ ዕድሩ ተከፋፍሎ እንደሆነ፣ የማኅበሩ ጽዋ አሁን ማን ቤት እንደሚጠጣ። ስለ ሰው የሚጀመር ወሬ ስለ ቤት ከሚጀመረው ይረዝማል፣ ማንንም አያሳንስም።

ወደ ሰናይት ስንመለስ እትዬ ዘነበች ቤታቸው በር ላይ ደርሰው «ግቢ ቡና ጠጪ» ይሏታል። ግብዣ ሁሉ ግብዣ አይደለም፤ በር ላይ የደረሰ ሰው «ግቢ» መባሉ ግድ ነው። የእውነት መሆኑ የሚታወቀው «አይ፣ ልሂድ» ከተባለ በኋላ ነው። «እሺ፣ በሌላ ቀን» ካሉ ወጉን አድርሰዋል፤ ማንም አልተቀየመም። «በሞቴ» ካሉ፣ ወይም ቀንና ሰዓት ከጨመሩ፣ «ከሰዓት በኋላ ነይ፣ አፈላለሁ» ካሉ እንድትመጣ ይፈልጋሉ። ሰናይት ዳቦ የሚጠብቅ ቤት አላት፤ ዛሬ ከሰዓት መምጣቱ ለሁለቱም ይሻላል። እስከዚያ እናቷ ስለ ጋሼ ይነግሯታል፣ የሞቱበትን ጊዜና ሕመሙን፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ። የለቅሶው ቃል ከሰዓት ቤት ውስጥ ይነገራል፤ እትዬ ያለቅሳሉ፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ከዚያ ቡና ይቀርባል። ቡናው የሚመቸው ረጅም ስለሆነ ነው፤ ከማጠብና ከመቁላት እስከ በረካ ድረስ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እጅ ሁልጊዜ ሥራ ስላለው ዝም ማለት አያሳፍርም። በአቦል የሰፈሩ ነገር ይወራል፦ ዕድር ስንት ገባ፣ ውኃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል፣ የነማን ልጅ አገባች። ከባዱ ነገር፣ የሰናይት ደመወዝ፣ የእትዬ የመጨረሻ ሌሊት ከጋሼ ጋር፣ ከመጣ በቶና ወይም በበረካ ይመጣል። ካልመጣም በሚቀጥለው ቡና ይመጣል፤ ማንም ሊያወጣው መቸኮል የለበትም።

በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ በዚያው በር ይተላለፋሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። የትናንቱ ደስታ ስላልወጣላቸው ሙሉውን ሰላምታ እንደገና ያደርሱታል፦ መሳሳም፣ «ደህና ነዎት? ልጆቹ ደህና? ጤናዎስ?» ይህ አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ትናንት የተባለው እንዳልተሰማ ያስቆጥራል፤ ሁለቱንም ወደ እንግድነት ይመልሳቸዋል። ሰላምታው መለያየትን የሚለካ ከሆነ ዛሬ የተለያዩት ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። «እንዴት አደሩ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ይበቃል። «ትንሽ ሻል ብሎኛል» ይላሉ፣ ሰናይትም የውኃውን ጄሪካን ከእጃቸው ትቀበላለች።